ዐይን ሲገለጥ የሚታየው መስመር

አይላይነር የሚቀባው ዐይን ተጨፍኖ ወይም ወደ ታች ተመልክቶ ነው፤ ሰው የሚያየው ግን ዐይኑ ተገልጦ ነው። በመቀባቱና በመታየቱ መካከል ቆቡ ይንቀሳቀሳል፣ ይታጠፋል፣ ከተሳለው መስመርም ከፊሉን ይዞ ወደ ውስጥ ይገባል። ቆቧ ሰፊ፣ የቆቧ እጥፋት ከፍ ያለ ሴት ይህን ልብ ሳትል ዕድሜዋን ሙሉ ልትኳል ትችላለች። ከቅንድቧ ሥር ያለው ቆዳ ወደ ቆቧ ለወረደባት፣ ቆቧ ጨርሶ እጥፋት ለሌለው፣ የዐይኗ የውጭ ጥግ ላዘቀዘቀ ወይም ሁለቱ ዐይኖቿ ለተቀራረቡ ሴት ግን የመስመሩ ቦታ አንድ ሚሊ ሜትር ሲሳት ዐይኑ መግለጡ ቀርቶ ጭራሽ ይጠባል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ጥቁር ቀለም ያረፈበትን ቦታ ያሳንሳል፣ ወደ ውስጥም የገባ ያስመስላል፤ ፈካ ያለ ቀለም ደግሞ ያሰፋዋል። ዐይን የተገለጠ የሚመስለው በሽፋሽፍቱ ሥርና በቆቡ እጥፋት መካከል ያለው ሜዳ ሲታይ፣ የዐይኑም ነጭ በሁለቱ ጥጎች ሳይሸፈን ሲቀር ነው። መስመሩ የሚያርፈው በዚሁ ሜዳ ላይ ስለሆነ ሁልጊዜ የሆነ ነገር ይወስዳል። 5 ሚሊ ሜትር ሜዳ ካለው ቆብ ላይ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መስመር ቢቀባ ከግማሽ በላዩ ይተርፋል። ያው መስመር 2 ሚሊ ሜትር ብቻ በሚታይ ቆብ ላይ ሲያርፍ የሚተርፍ ነገር የለም፤ ጥቁሩ መስመርና እጥፋቱ ይገናኙና ዐይኑ የተኛ ይመስላል።

ስለዚህ አይላይነር የሚቀባ ሰው ሦስት ነገር ይወስናል፦ መስመሩ ምን ያህል ይወፍር፣ ከየት ይጀምር፣ መጨረሻው ወዴት ያምራ። ውፍረቱን የሚወስነው የቆቡ እጥፋት ነው። መነሻውን የሚወስነው በሁለቱ ዐይኖች መካከል ያለው ርቀት ነው። አቅጣጫውን የሚወስነው የውጭው ጥግ ነው። አንድ ዐይን ከእነዚህ ሁለቱን ወይም ሦስቱንም በአንድ ላይ ይዞ ሊገኝ ይችላል፤ ጥያቄዎቹ የተለያዩ ስለሆኑ ግን መልሶቻቸው እርስ በርስ አይጋጩም።

የዐይንን ቅርጽ ለማወቅ መስታወቱ ከፊት ትይዩ መቆም አለበት። መስታወት በእጅ ዝቅ አድርጎ መያዝ ወደ ታች ስለሚያስመለከት ቆቡን ከእውነቱ ሰፋ አድርጎ ያሳያል። ከዚህ የሚብሰው ስህተት ቅንድብን ማንሳት ነው። ሰው መስታወት ፊት ሲቆም ሳያውቀው ቅንድቡን ከፍ ያደርጋል፤ ቆዳው ይሳባል፣ ሜዳው ይሰፋል፣ መስመሩም በዚያ ልክ ይሳላል። ከመስታወቱ ዞር ሲል ቅንድቡ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ መስመሩም ይዋጣል። ብዙ ሴቶች «ስቀባው ያምራል፣ ቤት ሳልወጣ ይጠፋል» የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ የተነሳ ነው። ግንባርን ዘና አድርጎ፣ አገጭን ሳያነሱ ቀጥ ብሎ መመልከትና ምን ያህል ቆብ እንደሚታይ ማየት ከማንኛውም ቀለም በፊት የሚመጣ ሥራ ነው።

አስቸጋሪው ቆዳ የወረደበት ዐይን ስለሆነ ከእሱ መጀመር ይሻላል። እንዲህ ያለው ዐይን እጥፋት አለው፤ ነገር ግን ከእጥፋቱ በላይ ያለው ቆዳ ተንጠልጥሎ ይሸፍነዋል። አንዳንዱ ሰው ከወጣትነቱ ጀምሮ እንዲሁ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ በዕድሜ ቆዳው ሲላላና ቅንድቡ ዝቅ ሲል ያገኘዋል። መሸፈኑ ብዙ ጊዜ የሚበረታው በውጭው ጥግ በኩል ነው፤ ጭራ የሚሳልበት ቦታ ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ይገባል። ቆዳው ሲወርድ የቆቡ ጠርዝ በቦታው ይቆያል፣ ከቀለማሙ ክብ የላይኛውን ጫፍ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ይሸፍናል። ጠርዙ ራሱ ወደ ብሌኑ ከወረደ፣ በተለይም በአንድ ዐይን ብቻ በድንገት ከሆነ፣ ጉዳዩ የአይላይነር ሳይሆን የሐኪም ነው፤ ሳይውል ሳያድር መታየት አለበት።

ለሠርግ ሚዜ የሆነች የ38 ዓመት ሴት ናት እንበል። ሚዜዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ረጅም ጭራ ተስለው፣ የእሷ ብቻ ተሰብሮ ይታያል። በመስታወት ስትታይ ከብሌኗ በላይ 2 ሚሊ ሜትር ቆብ ይታያል፤ በውጭው ሲሶ ግን ምንም አይታይም፣ ቆዳው ሽፋሽፍቷ ላይ ተደግፏል። የሳለላት ሰው ዐይኗን አስጨፍኖ፣ ቆዳውን በጣቱ ወደ ጆሮዋ ስቦ ቀጥ ያለ መስመር አውጥቷል። ቆዳው ሲለቀቅ መስመሩ ከእጥፋቱ ጋር ታጥፎ መሀሉ ጠፋ፤ ጫፉ ብቻ ከዐይኗ ተነጥሎ እንደ ሰረዝ ቀረ። ጥፋቱ የእጅ አይደለም፤ ቆዳው ተስቦ በሌለበት ቅርጽ ላይ መሳሉ ነው።

ሥራው እንደገና ሲጀመር መጀመሪያ የቆቧ ወዝ ይጠረጋል። የወረደው ቆዳ ቀኑን ሙሉ ከቆቡ ጋር ሲነካካ ስለሚውል፣ ወዝ ካለ ቀለሙን እንደ ማኅተም ወደ ላይ ያትመዋል። ትንሽ የቆብ ፕራይመር፣ ከሌለም በቀጭኑ የተነሰነሰ ፓውደር ይበቃል።

ቀጥሎ የሚመጣው የማይታይ የሚመስል ግን ብዙ የሚሠራ መስመር ነው። ሴትየዋ ወደ ታች ትመለከታለች፤ ከቅንድቧ ሥር ያለው ቆዳ በጣት ጫፍ ትንሽ ብቻ ከፍ ይደረጋል፤ ውኃ የማይለቀው እርሳስ ከሽፋሽፍቷ ሥር ከታች በኩል ገብቶ በሥሮቹ መካከል ያለውን ክፍተት በነጥብ በነጥብ ይሞላል። መስመሩ ቆቡ ላይ ስላልወጣ ከሜዳው ምንም አይወስድም፤ ሽፋሽፍቱ ግን የበዛና የጠቆረ ይመስላል። በመሀል ላይ ለእሷ ዐይን ከዚህ የሚጨመር ነገር የለም። እዚያ ቦታ ላይ «ትንሽ ላድምቀው» ማለት ያሉትን ሁለት ሚሊ ሜትሮች መብላት ነው።

ከዚያ ጭራው ይመጣል። አሁን ዐይኗ ተገልጦ ቀጥታ ወደ መስታወቱ ይመለከታል፤ ማንም ቆዳዋን አይስብም። የታችኛው የሽፋሽፍት ሥር ወደ ላይና ወደ ውጭ ቢቀጥል ወደ ቅንድቧ ጫፍ የሚያመራው መንገድ በዐይነ ሕሊና ይታያል። በዚያ መንገድ ላይ፣ ከወረደው ቆዳ ውጭ፣ ገላጣው ቦታ ላይ አንድ ነጥብ ይደረጋል። ነጥቡ ከዐይኗ ጥግ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ቢርቅ ይበቃል። ከነጥቡ ወደ ዐይኗ ጥግ ቀጭን ቀጥተኛ መስመር ሲሳብ ብዕሩ በእጥፋቱ ላይ ያልፋል፤ ዐይኑ እንደተገለጠ ነውና በላዩ ቀጥ ብሎ ያልፋል። አሁን ዐይኗን ስትጨፍን መስመሩ ቀጥ ያለ ሳይሆን በመሀሉ የጎበጠ፣ የሌሊት ወፍ ክንፍ የሚመስል ቅርጽ ይዞ ይገኛል። ይህ ስህተት አይደለም፤ እጥፋቱ የሚውጠው ያንን ጉብጠት ነው። ባዶ የቀረው ቦታ ይሞላል፣ ዐይኑም ሲገለጥ ጭራው ሳይሰበር ይታያል። የዚህ ዘዴ ዋጋ ዐይን ሲጨፈን ቅርጹ እንግዳ መምሰሉ ነው። ዐይኗን ጨፍና ፎቶ ለምትነሳ ሙሽራ ሊከብዳት ይችላል፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ጭራውን ትቶ የውጭውን ሲሶ በቡናማ አይሻዶ ማድበስበስ የተሻለ ምርጫ ነው።

የፈሳሽ አይላይነር ከሆነ ዐይን ቶሎ መገለጥ የለበትም። ወደ ታች እንደተመለከቱ አንድ ደቂቃ ያህል መጠበቅ ማኅተሙን ያስቀራል። ውጤቱ የሚፈተነው ደግሞ አፍንጫን መስታወት ላይ አስጠግቶ አይደለም፤ አንድ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ፣ አንዴ ቀጥ ብሎ ሌላ ጊዜ ፈገግ ብሎ ነው። ፈገግታ ጉንጭን ስለሚያነሳ ጭራውን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ በጸጥታ ጊዜ ልክ የነበረው ጭራ በፈገግታ ጊዜ ቅንድብ የሚደርስ ከሆነ ማሳጠር ይገባል። ከ20 ደቂቃ በኋላም ከእጥፋቱ በላይ ያለውን ቆዳ ማየት ነው። ግራጫ ጥላ ካለበት ቀለሙ እየታተመ ነው፤ ፈውሱ ቀለም መጨመር ሳይሆን መቀነስና ይበልጥ ውኃ የማይለቅ ዓይነት መምረጥ ነው።

እጥፋት የሌለው ቆብ ከዚህ ጋር ብዙ ጊዜ ይምታታል፤ መልሱ ግን ተቃራኒ ነው ማለት ይቻላል። የላይኛውን ቆብ የሚያነሳው ጡንቻ በቀጫጭን ክሮች ከቆዳው ጋር ሲያያዝ ዐይን በተገለጠ ቁጥር ቆዳው በዚያ መስመር ወደ ውስጥ ይገባና እጥፋት ይሠራል። ክሮቹ ከሌሉ ወይም ዝቅ ብለው ከተያያዙ ቆዳው ከቅንድብ እስከ ሽፋሽፍት ወጥ ሆኖ ይወርዳል። በምሥራቅ እስያ ይህ ቅርጽ የተለመደ ነው፤ ብዙ ጊዜም የዐይኑን የውስጥ ጥግ የሚሸፍን ትንሽ የቆዳ እጥፋት አብሮት ይገኛል። እዚህ ላይ የሚጠበቅ ሜዳ የለም፣ ሊበላ የሚችል ነገርም የለም። ዐይኑ ሲገለጥ የቆቡ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ስለሚገባ ቀጭን መስመር አብሮት ይገባና ከነጭራሹ አይታይም። ስለዚህ ቆዳ ለወረደበት ዐይን ጠላት የነበረው ውፍረት ለዚህ ዐይን አስፈላጊ ይሆናል።

ምን ያህል ይወፍር ለሚለው ግምት አያስፈልግም፤ ዐይኑ ራሱ ይለካዋል። ቀጥ ብሎ በመመልከት፣ ከብሌኑ በላይ ቀለሙ ሊታይ በሚጀምርበት ቦታ አንድ ነጥብ፣ ከቀለማሙ ክብ በስተውጭ በኩልም ሌላ ነጥብ ይደረጋል። ዐይን ሲጨፈን ነጥቦቹ ከሽፋሽፍቱ ሥር 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ርቀው ሊገኙ ይችላሉ፤ መድረስ ያለበት ከፍታ እርሱ ነው። ያንን ሁሉ በድፍን ጥቁር መሙላት ግን ሲጨፈን ከባድ ያደርገዋል። የተሻለው ሽፋሽፍቱ ሥር ጠቆር ያለ ቀጭን መስመር አድርጎ፣ ከእሱ በላይ እስከ ነጥቦቹ ድረስ ቡናማ እርሳስን በትንሽ ብሩሽ ማድበስበስ ነው። ከብሌኑ በላይ ወፍሮ ወደ ሁለቱ ጥጎች የሚቀጥን መስመር ዐይኑን ክብ ያደርገዋል፤ ወደ ውጭ እየወፈረ የሚሄደው ደግሞ ያስረዝመዋል። ተገልጦ እንዲታይ ከተፈለገ የመጀመሪያው ይሻላል። በውስጠኛው ጥግ ያለውን የቆዳ እጥፋት ግን በጥቁር ማክበብ አይገባም፤ የዐይኑን መነሻ ይዘጋዋል። የዚህ ዐይን ሽፋሽፍት ብዙውን ጊዜ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ስለሚያይ፣ ከመስመሩ በፊት በሽፋሽፍት መጠቅለያ ወደ ላይ ማጠፍ ከመስመሩ ያላነሰ ለውጥ ያመጣል።

የውጭው ጥግ ያዘቀዘቀ ዐይን የሚታወቀው ቀጭን እርሳስ ከውስጠኛው ጥግ አንስቶ አግድም ሲያዝ ነው። በብዙ ሰው የውጭው ጥግ ከእርሳሱ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ከእርሳሱ በታች ከሆነ ዐይኑ ያዘቀዘቀ ነው። እዚህ ያለው ስህተት አንድ ነው፤ ሽፋሽፍቱን እስከ መጨረሻው ተከትሎ መሄድ። ሽፋሽፍቱ ወደ ታች ስለሚወርድ መስመሩም አብሮ ይወርድና ያለውን ያጎላዋል። ከጥጉ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ሲቀር መስመሩ የሽፋሽፍቱን ሥር ለቆ ወደ ቅንድቡ ጫፍ መነሳት አለበት። በመስመሩና በእውነተኛው ጥግ መካከል የሚቀረው ትንሽ ባዶ ቦታ ያስፈራል፣ ብዙዎችም ሊሞሉት ይቸኩላሉ። ሳይነካ ከተተወ ግን ዐይን የሚያየው መጨረሻ ጥጉ ሳይሆን የተነሳው መስመር ይሆናል። በታችኛው ቆብ የውጭ ሲሶ ላይም ጥቁር አይደረግም፤ ክብደቱ ጥጉን መልሶ ይጎትተዋል። በኮሪያ ይህንኑ ያዘቀዘቀ ቅርጽ ሆን ብለው በአይላይነር የሚሠሩ ሴቶች መኖራቸውን ማስታወስ ደግ ነው፤ የቡችላ ዐይን ይሉታል፣ የዋህና ለስላሳ ያስመስላል ብለው ይወዱታል። ጥጉን ማንሳት እንግዲህ ምርጫ ነው እንጂ እርማት አይደለም።

የተቀራረቡ ዐይኖች የሚለኩት በራሱ በዐይኑ ስፋት ነው። በሁለቱ የውስጥ ጥጎች መካከል አንድ ዐይን የሚያስገባ ቦታ ካለ ርቀቱ መካከለኛ ነው፤ ከዚያ ካነሰ ተቀራርበዋል ይባላል። የአንዷ ሴት ዐይን 31 ሚሊ ሜትር ሰፍቶ በመካከሉ 28 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢኖር፣ ልዩነቱ ሦስት ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህንንም የመስመሩ መነሻ ይሸፍነዋል። መስመሩ ከውስጠኛው ጥግ ሳይሆን ከቀለማሙ ክብ የውስጥ ጠርዝ ይጀምራል፤ ሲጀምርም እንደ ፀጉር ቀጥኖ ነው፣ ወደ ውጭ ሲሄድ ብቻ ይወፍራል። ከውጭው ጥግ 4 ሚሊ ሜትር ያህል አልፎ ቢቆም ክብደቱ ሁሉ ወደ ጆሮ በኩል ይሄዳል። የጥጎቹ ርቀት በእርግጥ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ተመልካች የዐይኑ መሀል ነው ብሎ የሚወስደው ቦታ ነው። በታችም እንዲሁ፣ የውጭው ሲሶ ብቻ ይነካል። በውስጠኛው ጥግ ከቆዳዋ ቀለም ፈካ ያለ ትንሽ አይሻዶ ቢነካ ቦታው ይሰፋል። አንጸባራቂ ነጭ ግን በጠይም ፊት ላይ ግራጫ ሆኖ ስለሚቆም ወርቃማ ወይም የነሐስ ቀለም ያለው ይመረጣል።

በአገራችን የቆየው የኩል አቀባብ በዚህ በኩል ልብ ሊባል ይገባዋል። መኳያውን በሁለቱ ቆቦች መካከል አግብቶ፣ ዐይንን ጨፈን አድርጎ መሳብ የላይኛውንም የታችኛውንም እርጥብ ጠርዝ በአንድ ጊዜ ያጠቁራል። በትልልቅ ዐይኖች ላይ ይህ ውበት ነው፤ የዐይኑን ነጭ አጉልቶ ያወጣዋል። በትንንሽ ወይም በተቀራረቡ ዐይኖች ላይ ግን ዙሪያውን ያጥረዋል፣ ዐይኑም ይጠባል። ኩል የለመደች ሴት ሙሉ በሙሉ መተው አያስፈልጋትም፤ የላይኛውን ጠርዝ ብቻ፣ ከብሌኑ ወደ ውጭ፣ በቀጭን እርሳስ መንካት ትችላለች። በታችኛው እርጥብ ጠርዝ ላይ ከጥቁር ይልቅ የቆዳ ቀለም ያለው እርሳስ ሲቀባ ጠርዙ የዐይኑ ነጭ ተቀጥላ መስሎ ይታያልና ዐይኑ ይከፈታል።

እርጥቡ ጠርዝ ግን ዝም ብሎ የሚቀባ ቦታ አይደለም። እንባ ቶሎ እንዳይደርቅ የሚያደርገውን ቅባት የሚያመነጩ ጥቃቅን ዕጢዎች የሚከፈቱት እዚያ ነው። የካናዳው ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት፣ ከሽፋሽፍቱ በስተውስጥ የተቀባ አይላይነር ከውጭ ከተቀባው ይልቅ ከ15 እስከ 30 በመቶ የበለጠ ቅንጣት ወደ እንባ እንደሚያስገባ አይተዋል። ስለዚህ በላይኛው ሽፋሽፍት መካከል የሚደረገው መስመር ሥሮቹን ይሞላል እንጂ ጠርዙን ሁሉ አይለብጥም። ኮንታክት ሌንስ የምታደርግ ወይም ዐይኗ የሚደርቅባት ሴት ከውጭ በኩል ሽፋሽፍቱን ተጠግታ ብትቀባ ይሻላታል። ከገበያ የሚገዛ የዱቄት ኩል ደግሞ እርሳስ የተባለውን መርዛም ማዕድን ሊይዝ ይችላል፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ኩልን ለመዋቢያ ቀለምነት የማይፈቅደው ለዚህ ነው። መኳያም ሆነ የአይላይነር ብሩሽ ከሰው ጋር አይጋሩም፤ የዐይን ልክፍት በእነሱ ይተላለፋል።

የሰው ሁለት ዐይኖች እምብዛም አንድ ዓይነት አይደሉም። በአንዱ ቆዳው ይበልጥ ይወርዳል፣ የአንዱ ጥግ ከሌላው ዝቅ ይላል። በቀላሉ የሚቀባውን ዐይን ጨርሶ ወደ አስቸጋሪው መሄድ የተለመደ ነው፤ ከዚያ አስቸጋሪው ላይ ያንን መስመር ለመድገም ሲሞከር ይወፍራል፣ የመጀመሪያውም እንዲመሳሰል ይወፍራል፣ ሁለቱም ይጠባሉ። ይበልጥ ከተሸፈነው ዐይን መጀመር ይሻላል፤ እሱ የሚችለው ውፍረት ለሁለቱም ልክ ይሆናል። ጭራዎቹም አንዱ ተጨርሶ ሌላው አይጀመርም፤ ሁለቱ ነጥቦች አስቀድመው ይደረጋሉ፣ ዐይን ተገልጦ ቀጥ ብሎ በማየት ከፍታቸው ይመዛዘናል፣ መስመሩም ከዚያ በኋላ ይሳባል። ከፍታቸው እኩል ከሆነ፣ ዐይን ሲጨፈን የአንዱ መስመር ከሌላው ቢወፍር ሊያሳስብ አይገባም።